«ኬብሉ አይሰራም» ብለን ጻፍን፣ ሻጩ «ይሰራል» አለን። እሱ ልክ ነበር

በቴሌግራም ዕቃ አዝዛችሁ ሌላ ዕቃ ደርሷችሁ ያውቃል? እኛን ሰሞኑን አጋጥሞናል። ጥፋቱ የሻጩ ሆኖ ሳለ ገንዘባችንን ልናጣ የነበረው አቤቱታውን መጀመሪያ ላይ በደንብ ስላልጻፍነው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቡይት ራስ ላይ ያነሳናቸውን የጭላዳ ፎቶዎች ከካኖን 700ዲ ካሜራችን ወደ ላፕቶፕ ለመገልበጥ ኬብል ፈለግን። ደባርቅ ውስጥ ጠይቀን ስላጣን አዲስ አበባ ካለ የኦንላይን ሻጭ አዘዝን፣ ብሩንም ቀድመን ላክን። ኬብሉ በጎንደር በኩል በመኪና ከአራት ቀን በኋላ ደረሰ። የካሜራውን ጎን ላስቲክ ከፍተን ልንሰካው ስንል እምቢ አለ።

የ700ዲ ቀዳዳ ሚኒ ዩኤስቢ ነው። የመጣልን ማይክሮ ዩኤስቢ፣ ማለትም የድሮዎቹ የሳምሰንግ ስልኮች ቻርጀር ጫፍ ነው። ሁለቱን ከሩቅ ለመለየት ያስቸግራል። ስፋታቸው ተቀራራቢ ነው፣ ወደ 7 ሚሊሜትር ገደማ። ውፍረታቸው ግን ይለያል፤ ሚኒው 3 ሚሊሜትር ሲሆን ማይክሮው 2 እንኳን አይሞላም። ገበያ ላይ ደግሞ ሚኒውን «ቪ3»፣ ማይክሮውን «ቪ8» የሚሉ አሉ። አንዳንዱ ግን ትንሽ የሆነውን ሁሉ «ሚኒ» ይለዋል፣ ስህተቱም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። (በነገራችን ላይ ካልገባ አትግፉት! ቀዳዳው ካሜራው ውስጥ ካለው ቦርድ ጋር የተበየደ ስለሆነ ከተነቀለ ጥገናው ከኬብሉ ዋጋ በብዙ ይበልጣል።)

እኛ ተናደን የላክነው መልእክት አንድ መስመር ነበር፦ «ወንድም የላክኸው ኬብል አይሰራም፣ ብራችንን መልስ።» ሻጩ ወዲያው «ከመላኬ በፊት ስልክ ላይ ሞክሬዋለሁ፣ ይሰራል» ብሎ መለሰ። እውነቱን ነው። ኬብሉ ጤነኛ ነው። እኛ ያላዘዝነው ኬብል መሆኑ ነው ችግሩ። «አይሰራም» ስንል ክርክሩን ኬብሉ ተበላሽቷል ወይስ አልተበላሸም ወደሚለው ወሰድነው፣ እዚያ ላይ ደግሞ እንሸነፋለን።

ሕጉም ሁለቱን ይለያቸዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሽያጭ ሲደነግግ፣ ሻጩ በውሉ ከተባለው የተለየ ዓይነት ዕቃ ካቀረበ እንደ ውሉ አላቀረበም ይላል። ገዢውም ዕድል እንዳገኘ ዕቃውን አይቶ ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት። ስለዚህ ሳጥኑን ሳይከፍቱ ሁለት ሳምንት ማስቀመጥ አያዋጣም።

«ውል የለንም እኮ» የምትሉ ካላችሁ፣ ቻቱ አለ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ይሰጣል። ግን ቴሌግራም ላይ ሻጩ መልእክቱን ከሁለታችሁም ስልክ ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ ከቅሬታው በፊት ስክሪንሹት! እኛም ወደ ኋላ ሄደን ስናይ ትዕዛዛችን «ለካኖን 700ዲ፣ ሚኒ ዩኤስቢ» ይላል፣ ከሥሩ የእሱ «አለ» የሚል መልስ አለ። «የካሜራ ኬብል» ብቻ ብለን ቢሆን ኖሮ እሱም የሚከራከርበት ነገር ይኖረው ነበር።

ሁለተኛው ደብዳቤያችን ይኸው፦

«ሰላም ለእርስዎ። ጥር 13 ለካኖን 700ዲ ካሜራ የሚሆን ሚኒ ዩኤስቢ ኬብል አዝዘን ክፍያ ፈጽመናል። እርስዎም እንዳለ አረጋግጠውልናል (ስክሪንሹት 1 እና 2)። ዛሬ ጥር 17 የደረሰን ማይክሮ ዩኤስቢ ነው። ኬብሉ ብልሽት የለበትም፣ ነገር ግን ያዘዝነው ዓይነት አይደለም። የኬብሉን ጫፍና የካሜራውን ቀዳዳ ጎን ለጎን ከማስመሪያ ጋር ያነሳነው ፎቶ ተያይዟል። እስከ ጥር 24 ትክክለኛውን እንዲልኩልን ወይም ገንዘባችንን እንዲመልሱልን እንጠይቃለን። የደረሰንን ኬብል ሳንጠቀምበት ከነማሸጊያው እንመልሳለን። የማመላለሻው ወጪ ስህተቱ የማን እንደሆነ ታይቶ በእርስዎ በኩል እንዲሸፈን እንጠይቃለን።»

ስድብ የለም፣ «እናጋልጥሃለን» የለም። ያዘዝነው፣ የደረሰን፣ የምንፈልገው እና ቀኑ ብቻ ነው። «ኬብሉ ብልሽት የለበትም» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር መጻፍ ከበደን፣ የእሱን ክርክር የምንደግፍለት መስሎን ነበር። ለካ «ሞክሬዋለሁ» የሚለውን መልስ የዘጋችው እሷ ናት።

ማታውን «ይቅርታ፣ ልጁ ነው የተሳሳተው» የሚል መልስ መጣ። ሚኒው በሳምንቱ ደረሰ፣ ማይክሮውን በዚያው መኪና መለስን። የመላኪያውን ግን የከፈለልን የእሱን ብቻ ነው፣ የመመለሻው ከእኛ ኪስ ወጣ። እስከዚያው ፎቶዎቹን ያወጣናቸው ሜሞሪውን ነቅለን በጓደኛችን ካርድ ሪደር ነው።