ምስሉ አምሯል፤ ልብሱስ የታለ?

ጀማሪ የልብስ ኩባንያዎች ገንዘብ ፍለጋ ባለሀብቶች ፊት ሲቀርቡ ይዘውት የሚገቡት ነገር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተለውጧል። ቀድሞ ናሙናውን በመስቀያ አንጠልጥለው፣ ፎቶግራፍ አንሺ ከፍለው ያስነሷቸውን ጥቂት ፎቶዎች ይዘው ነበር የሚገቡት። አሁን ብዙዎቹ በሰው ሰራሽ አስተውሎት የተሠራ ሉክቡክ ያሳያሉ። ሉክቡክ አንድ ኩባንያ የወቅቱን ልብሶቹን ሰው ለብሷቸው የሚያሳይበት የምስል መድበል ነው። በአዲሱ መንገድ ሞዴል ሳይቀጠር፣ ስቱዲዮም ሳይከራዩ ሠላሳ ገጽ በጥቂት ቀናት ይሠራል።

ችግሩ የሚመጣው ባለሀብቱ ገጾቹን ካየ በኋላ ነው። ያማረ ምስል ዛሬ ማንም ማውጣት እንደሚችል እሱም ያውቃል። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ነው፤ ይህ ልብስ አለ ወይስ የለም? እኔ እስከማምነው ድረስ የእንዲህ ዓይነት ገለጻ ጽሑፍ ከሁሉ አስቀድሞ መመለስ ያለበት ይህንን ነው። ስለ ቴክኖሎጂው ብልጠት ሲያወራ ቆይቶ ይህን በመጨረሻ የሚያነሳ ጽሑፍ አድማጩን አጥቷል።

በዚህ ረገድ ጥሩ አብነት የሚሆነው የስፔኑ የልብስ ኩባንያ ማንጎ ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 ለታዳጊ ሴቶች ያወጣውን አንድ የልብስ ስብስብ ያስተዋወቀው ሙሉ በሙሉ በሰው ሰራሽ አስተውሎት በተሠሩ ምስሎች ነበር። ልብሶቹ ግን ለሽያጭ የቀረቡ እውነተኛ ልብሶች ናቸው። በመጀመሪያ እያንዳንዱ ልብስ በካሜራ ተነሳ፤ ቀጥሎ ፕሮግራሙ በእነዚያ ፎቶዎች ላይ ሠልጥኖ ልብሱን በሌለች ሞዴል ላይ ማልበስ ተማረ፤ በመጨረሻም የኩባንያው የጥበብ ቡድንና የፎቶ ስቱዲዮው የወጡትን ምስሎች መርጠውና አርመው አሳለፏቸው። ማሽኑ የሠራው በሁለት የሰው ሥራዎች መካከል ነው ማለት ነው።

ይህንኑ መንገድ ወደ አንድ ትንሽ ኩባንያ አምጥተን እንየው። ለምሳሌ ያህል ሽሮ ሜዳ ካሉ ሸማኔዎች ጨርቅ እያሠራ፣ የሀገር ልብስን በዘወትር ልብስ መልክ እየሰፋ ዋሽንግተንና አካባቢው ላሉ ኢትዮጵያውያን መሸጥ የሚፈልግ ኩባንያ እንውሰድ። አሥራ ሁለት ልብሶች አሉት እንበል። መሥራቿ ገለጻውን ስትጀምር ስክሪኑ ላይ ሁለት ምስሎች ጎን ለጎን ይታያሉ፤ የመጀመሪያውም ቃሏ ይህን ይመስላል፦

«በግራ የምታዩት ቀሚሱን ስፌት ቤታችን ውስጥ በስልክ ያነሳንበት ፎቶ ነው። በቀኝ ያለው ከዚሁ ፎቶ የተሠራው የሉክቡካችን ገጽ ነው። ሴትዮዋ በእውን የለችም፤ ቀሚሱ ግን አለ፤ ይኸው እጃችሁ ላይ ነው። ጥለቱን እየቆጠራችሁ አስተያዩት።»

ጥለቱን እንዲቆጥሩ መጋበዟ ያለ ምክንያት አይደለም። ምስል ፈጣሪ ፕሮግራሞች በብዛት የሚሳሳቱት እዚያው ላይ ነው። ከእነዚህ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ምስልን የሚሠሩት ከነጠብጣብ ጭጋግ ተነስተው ቀስ በቀስ «እንዲህ ዓይነት ነገር እዚህ ቦታ ይመስላል» የሚሉትን እያጠሩ ነው። ፊትን፣ ሰማይን፣ የቀሚስ እጥፋትን በሚገባ ያውቃሉ፤ ስፍር ቁጥር የሌለው ፎቶ አይተዋልና። ሸማኔ ግን ጥለትን የሚያወጣው ክር በመቁጠር ነው። ማሽኑ አይቆጥርም። ስለዚህ «ባለ ጥለት የሐበሻ ቀሚስ» ተብሎ በጽሑፍ ብቻ ሲታዘዝ ከሩቅ የሚያምር፣ ሲቀርቡት ግን የመስቀሉ አንድ ክንድ ከሌላው የረዘመበት፣ አልማዝ ቅርጹ ወደ ጎረቤቱ የቀለጠበት፣ ጫፉ ላይ ደርሶ ድንገት ሌላ ንድፍ የሚሆን ነገር ያወጣል። ያንን ምስል አይታ ያዘዘች ደንበኛ የሚደርሳት ሌላ ቀሚስ ነው። ትመልሰዋለች፤ ከባሕር ማዶ የሚመለስ ቀሚስ የማጓጓዣ ወጪ ደግሞ የቀሚሱን ትርፍ ይበላዋል።

መፍትሔው ልብሱን ማሽኑ እንዳይስለው ማድረግ ነው። ቀሚሱ አቋሟና ቁመቷ ከተፈለገው ጋር በሚቀራረብ ሰው ወይም በልብስ አሻንጉሊት ላይ ሆኖ በደህና ብርሃን ይነሳል። ከዚያ በፎቶው ላይ የልብሱ ክልል ይከለላል፤ ፕሮግራሙም ከክልሉ ውጭ ያለውን፣ ማለትም ፊትን፣ እጅን፣ ግድግዳንና ወለልን ብቻ እንዲፈጥር ይታዘዛል። ጥለቱ እንዳለ የካሜራው ጥለት ሆኖ ይቀራል። ሥራው ያዘግማል፤ በተለይ ጨርቁ ከአንገትና ከእጅ ጋር የሚገናኝበት መስመር ላይ በእጅ ማረም ግድ ይላል። ነገር ግን «ያያችሁት የምትገዙት ነው» ለማለት የሚያስደፍረው ይህ ብቻ ነው።

ከክር በላይ የሚከብድ ሌላ ስሕተት አለ፤ ባዕድ ዓይን ፈጽሞ ስለማያየው ነው የሚከብደው። ፕሮግራሙ ነጠላን እንደ ማንኛውም ሻርፕ ያለብሳል። ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ ፊት ተጠግቶ ሲጣል ግን በእኛ ዘንድ የሐዘን አለባበስ ነው። ለሠርግ ወቅት በተሠራ ሉክቡክ ውስጥ ፈገግ ያለች ሴት ነጠላዋን እንዲያ ጥላ ብትታይ ምስሉ በቴክኒክ እንከን የሌለው ሊሆን ይችላል፤ ልብሱን የሚገዙት እናቶች ግን ገጹን አይተው ይደነግጣሉ። ስለዚህ እያንዳንዱን ምስል አለባበስ የሚያውቅ ሰው ሳያየው መውጣት የለበትም። በገለጻው ውስጥም ይህ መነገር አለበት፤ ባለሀብቱ የውጭ ሰው ከሆነ ኩባንያው ምን እንደሚያውቅ የሚያሳየው አንድ የተጣለ ምስልና የተጣለበት ምክንያት ነው።

የገለጻው ሁለተኛ ክፍል ስለ ወጥ መልክ ነው። ወጥ መልክ ሲባል ብዙ ሰው ሎጎ ይመስለዋል። በልብስ ንግድ ውስጥ ግን ሎጎው ተሸፍኖ እንኳ ምስሉ የማን እንደሆነ መታወቁ ነው። ምስል ፈጣሪ ፕሮግራሞች በተፈጥሯቸው ይህን ያፈርሳሉ፤ በተጠየቁ ቁጥር አዲስ ሰው፣ አዲስ ብርሃን፣ አዲስ ስሜት ያመጣሉ። አንዳንድ ጀማሪዎች «ሲድ» የሚባለውን የመነሻ ቁጥር ካልቀየሩ መልኩ የሚጸና ይመስላቸዋል። ያው ቁጥር ያንኑ ምስል የሚመልሰው ትእዛዙም፣ ቅንብሩም፣ የፕሮግራሙ ስሪትም ሳይለወጡ ሲቀሩ ነው። ቀሚሱን ቀይሮ ጽሑፉን በለወጡት ቅጽበት ምስሉም ይለወጣል።

የሚጸናው ሕግ ሲጻፍ ነው። የእኛ ኩባንያ በአንድ ገጽ ላይ እንዲህ ብሎ ይወስናል እንበል፤ ብርሃኑ ሁልጊዜ ከግራ የሚገባ የጧት ብርሃን፤ ጀርባው የጭቃ ግድግዳ ቀለም፤ ካሜራው በወገብ ቁመት፤ ሴትዮዋ ከራስ እስከ እግር የምትታይ፣ ጸጉሯ ሹሩባ፣ እግሯ ሥር ባዶ ወለል። ይህ ክፍል በሁሉም ትእዛዞች ውስጥ ቃል በቃል አንድ ነው። የሚለወጠው ስለ ልብሱ የሚናገረው አረፍተ ነገር ብቻ ነው። ከጽሑፉ ጋር በየጊዜው ያው ሦስት ወይም አራት ማመሳከሪያ ምስሎች አብረው ይሰጣሉ። ከዚህ አልፎ መሄድ የፈለገ ኩባንያ ሎራ የሚባል ትንሽ ተጨማሪ ሥልጠና በራሱ ሁለት ደርዘን ያህል ምስሎች ላይ ያሠለጥናል፤ ዋናውን ፕሮግራም ሳይነካ ወደ ኩባንያው መልክ ያዘነብለዋል። በራስ ኮምፒዩተር ላይ ሊቀመጥ የሚችል ፕሮግራም ከሆነ ደግሞ አገልግሎት ሰጪው ስሪቱን በለወጠ ማግስት መልኩ አይጠፋም። ይህ ባለሀብት የሚጠይቀው እውነተኛ ስጋት ነው።

ወጥነቱ መያዙን ማወቂያው መንገድ ቀላል ነው። ሃያ አራቱንም ገጾች አሳንሶ በአንድ ስክሪን ላይ መደርደር። አንድ በአንድ ሲታዩ ሁሉም ደህና ናቸው፤ ሲደረደሩ ግን ጥላው ወደ ሌላ አቅጣጫ የወደቀበት፣ ነጩ ፈትል ወደ ሰማያዊ የሄደበት ምስል ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። ነጭ በተለይ አስቸጋሪ ነው። ጨርቁ ሲነሳ አጠገቡ ግራጫ ካርድ ካልተቀመጠ፣ ከአሥራ ሁለቱ ቀሚሶች አንዱ ቅቤ፣ ሌላው በረዶ መስሎ ይወጣል። መሥራቿ ይህንን ድርድር ለባለሀብቶቹ ብታሳይ ስለ ወጥ መልክ ሌላ ማስረዳት አያስፈልጋትም።

ሰዎች የሚሳቱበት ሌላው ቦታ ባለቤትነት ነው። «እነዚህ ምስሎች የእኛ ሀብት ናቸው» ተብሎ በገለጻ ውስጥ ሲነገር ያሳስበኛል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በማርች 2025 የዋሽንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በስቲቨን ታለር ጉዳይ ደራሲው ማሽን ብቻ የሆነ ሥራ የቅጂ መብት እንደማያገኝ ወስኗል፤ የአገሪቱ የቅጂ መብት ቢሮም ትእዛዝ መጻፍ ብቻውን ደራሲ አያደርግም ብሏል። ዋናው ገበያው አሜሪካ የሆነ ኩባንያ ይህን መደበቅ አይችልም። ሐቀኛው ቃል እንዲህ ነው፦

«ማሽኑ የፈጠረውን ፊትና ግድግዳ ሌላው ቢገለብጠው ልንከለክል አንችል ይሆናል። የእኛ የሆነው ስማችንና ምልክታችን፣ ልብሶቹን ያነሳንባቸው ፎቶዎች፣ እኛ ራሳችን ያወጣናቸው አዳዲስ ንድፎች ናቸው። ከአባቶች የመጣው ጥለት የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ የኛ ነው አንልም።»

ምልክቱና አዲሱ ንድፍ አገር ቤት በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን፣ በሚሸጥበት አገር ደግሞ በዚያው አገር መሥሪያ ቤት መመዝገብ አለባቸው።

ቃል ሲገባም መጠንቀቅ ያሻል። ሊቫይስ እ.ኤ.አ. በማርች 2023 የተለያየ መልክና ቁመና ያላቸውን ሰዎች ለማሳየት በሰው ሰራሽ አስተውሎት የተሠሩ ሞዴሎችን እንደሚሞክር ሲናገር ብዙ ወቀሳ ወረደበት፤ የተለያዩ ሰዎችን ማሳየት ከፈለጋችሁ ለምን እነሱን ራሳቸውን አትቀጥሩም ተባለ። ኩባንያው በኋላ እውነተኛ ሞዴሎችን የማስነሳት ሥራውን እንደማይቀንስ ገልጾ አስተባበለ። ኤች ኤንድ ኤም በ2025 በሌላ መንገድ ሄደ፤ የሠላሳ ሞዴሎችን ዲጂታል መንታ በፈቃዳቸው እንደሚሠራና መብቱም የራሳቸው እንደሚሆን አስታወቀ። ለትንሽ ኩባንያ ሁለተኛው መንገድ የተሻለ ይመስለኛል፤ አንዲት የምትታወቅ ወጣት በጽሑፍ ውል ፊቷን ፈቅዳ፣ በየወቅቱ እየተከፈላት የሉክቡኩ ፊት ብትሆን መልኩም ይጸናል፤ «ይቺ ማን ናት?» ለሚል ደንበኛም መልስ ይኖራል።

በጥያቄው ሰዓት አንዱ ባለሀብት «ይህ ፕሮግራም ተፎካካሪያችሁም እጅ ውስጥ አለ፤ ታዲያ ምን ያግደዋል?» ማለቱ አይቀርም። «አያግደውም» ብሎ መጀመር ይሻላል። ቀጥሎ መሥራቿ የምታሳየው ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ጋር የተዋዋለችውን የጨርቅ አቅርቦት፣ የእያንዳንዱን ልብስ ምንጭ ፎቶ ከተሠራው ገጽ ጋር በአንድ ቁጥር ያሰረችበትን መዝገብ፣ ምስሎቹን የሚያጣራው ሰው ማን እንደሆነና በስንት ቀን እንደሚያጣራ ነው። ከስቱዲዮ ኪራይ የተረፈው ገንዘብ ወዴት እንደሚሄድም እዚያው ትናገራለች፤ ግማሹ ለተጨማሪ ናሙና፣ ግማሹ በምስል የታየውን ጥለት በልኩ ሸምኖ ለማድረስ የሚያስፈልገውን የሸማኔ ቀን ለመክፈል።