ሁለተኛዋ መስመር

ሐምሌ ላይ በምሠራበት አበዳሪ ተቋም የስጋት ብድር ምጣኔ ከ6 በመቶ ወደ 4 በመቶ ወረደ። ስብሰባው ላይ ሁሉም ደስ አለው። አንድ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ብቻ፣ “እኔ ጋ ያለው የዘገየ ብድር ያው ነው፤ ታዲያ ከየት ወረደ?” አሉ። ሪፖርቱ በየሌሊቱ በራሱ ይታደሳል፤ ያለ ስህተት ነበር የተጠናቀቀውም።

ኩዌሪውን ከፈትኩት። ድሮ እንዲህ ይል ነበር፦

```sql
WHERE days_late > 30
   OR restructured = 'Y'
```

ሁለተኛዋ መስመር የለችም። አዲሱ ባልደረባችን ዝርዝሩን ሲያይ “0 ቀን የዘገየ” የሚሉ ብድሮች አገኘ፤ ስህተት መስሎት ሰረዛት። እኔም ብሆን እሰርዛት ነበር። የመለኪያ ትርጉም መዝገባችን ላይ የነበረው “ከ30 ቀን በላይ የዘገየ ብድር ለጠቅላላ ብድር ሲካፈል” የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ኩዌሪውን የጻፈችው፣ ሥራ ለቃ የሄደችው ባልደረባችን ጋ ደወልኩ። ወዲያው አስታወሰችው። ተበዳሪ መክፈል አቅቶት ውሉ ሲታደስ የዘገየበት ቀን ከዜሮ ይጀምራል፤ ስጋቱ ግን አልጠፋም። ስለዚህ ይቆጠር ተባለ፤ የተባለውም በቃል ነው። ከ200 ሚሊዮን ብር ጠቅላላ ብድር 8 ሚሊዮኑ የዘገየ፣ 4 ሚሊዮኑ ውሉ የታደሰ ነበር። መስመሯ ስትሰረዝ 12 ሚሊዮኑ 8 ሆነ።

አሁን መዝገቡ ላይ ከትርጉሙ ሥር ሦስት ብድሮች ከነመልሳቸው ተጽፈዋል። የመጀመሪያው 60,000 ብር ቀሪ ዕዳ ያለበት፣ 5,000 ብር ክፍያው 31 ቀን የዘገየ ነው፤ የሚቆጠረው 60,000ው በሙሉ ነው እንጂ 5,000ው አይደለም። ሁለተኛው ልክ 30 ቀን የዘገየ፤ አይቆጠርም። ሦስተኛው ውሉ የታደሰ፣ ዜሮ ቀን የዘገየ፤ ይቆጠራል፣ ምክንያቱም ከጎኑ ተጽፏል። በቃላት ብቻ የተጻፈውን ሁለት ሰው ሁለት ዓይነት ያነበዋል፤ ብድሩን ከነመልሱ ሲያይ ግን ኩዌሪውን ራሱ ይፈትሽበታል።

ሌላም ነገር ጨመርን። የሰኔ 30 ዳታ ቅጂ ለብቻው ተቀምጧል፤ ኩዌሪው በየሌሊቱ መጀመሪያ በእሱ ላይ ይሠራል። ውጤቱ 12 ሚሊዮን ካልመጣ እድሳቱ ይቆማል፣ የትናንቱ ቁጥር ከነቀኑ ይታያል። መጀመሪያ ውጤቱን ብቻ መዝግበን ከዋናው ዳታ ጋር ልናስተያይ ሞክረን ነበር። አልሠራም፤ ዘግይቶ የተመዘገበ የሰኔ ክፍያ በገባ ቁጥር ማንም ኩዌሪውን ሳይነካ እድሳቱ ይቆማል።

ሦስተኛው ብድር ላይ ክርክሩ አላለቀም። የብድር ክፍሉ ስድስት ወር በደንብ ከከፈለ ይውጣ ይላል፤ ፋይናንስ እስከ መጨረሻው ይቆይ ይላል። ለጊዜው መዝገቡ ላይ ያለው የፋይናንሱ ነው፤ ከጎኑ የወሰነው ክፍልና የተወሰነበት ቀን ሰፍሯል።