ጊዜ ለሌለው ሰው የሚሰጥ ስጦታ

ባለቤቴ ባንክ ውስጥ ኦዲተር ናት። ጠዋት ልጆቹ ሳይነሱ ትወጣለች፣ ማታ ደግሞ ያላለቀ ሥራዋን ይዛ ትመጣለች። ከሁለት ዓመት በፊት ለጋብቻችን በዓል ቢሾፍቱ በሚገኝ ሎጅ የሁለት ሌሊት ማረፊያ ከፍዬ ኩፖኑን ሰጠኋት። የሚያገለግለው ለስድስት ወራት ነበር። በጣም ደስ ብሏት «ሥራው ቀለል ሲልልኝ እንሄዳለን» አለች። ሥራው ግን ቀለል አላለም። የሰኔ ሒሳብ መዝጊያ መጣ፣ ልጆቹ ታመሙ፣ ኩፖኑም መሳቢያ ውስጥ እንዳለ ቀኑ አለፈበት።

ጥፋቱ የእሷ ይመስለኝ ነበር። ሱዛን ሹ እና አየለት ግኒዚ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙትን ጥናት ሳነብ ግን የራሴን ስህተት አየሁ። ተመራማሪዎቹ የካፌ ኬክ ኩፖን አደሉ፤ ለገሚሱ የሦስት ሳምንት፣ ለቀሪው የሁለት ወር ጊዜ ሰጡ። ሦስት ሳምንት ከተሰጣቸው 31 በመቶው ሲጠቀሙበት፣ ሁለት ወር ከተሰጣቸው የተጠቀሙት 6 በመቶው ብቻ ነበሩ። ሰው ወደፊት የተሻለ ጊዜ እንደሚያገኝ ስለሚያስብ ደስ የሚለውን ነገር ሳይቀር ያሳድራል። እኔ ስድስት ወር ስሰጣት ለጋስ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

በእርግጥ ሲንዲ ቻን እና ካሲ ሞጊልነር እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ ከዕቃ ይልቅ የሚኖሩት ስጦታ ሰጪንና ተቀባይን ይበልጥ እንደሚያቀራርብ ታይቷል። ይህ የሚሆነው ግን ስጦታውን ስንኖረው በሚሰማን ስሜት ነው። መሳቢያ ውስጥ የቀረ ኩፖን ስሜት የለውም።

አምና አካሄዴን ቀየርኩ። ከሁለት ሌሊት ወደ ግማሽ ቀን አወረድኩት። የሒሳብ መዝጊያ የሌለበትን ወር መርጬ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ያለውን ቅዳሜ አብረን ያዝን። እዚሁ አዲስ አበባ ስቲምና ማሳጅ ለጠዋቱ 3 ሰዓት አስያዝኩላት፤ ከዚያ ምሳ እንበላለን። ልጆቹን እናቴ ጋ አደረስኩ፣ የእሑዱን ወጥም ዓርብ ማታ ሠራሁ። የእሷ ድርሻ መኪና ውስጥ መግባት ብቻ ነበር። ምሳ ላይ ስለ ሥራ አላወራችም።

ስጦታችሁን ተቀብላ «መቼ ልሂድ? ልጆቹንስ ማን ይይዛል?» ካለቻችሁ፣ የሰጣችኋት ስጦታ ሳይሆን ተጨማሪ ሥራ ነው።

ያለፈውን አንድ ወር መለስ ብላችሁ ስታዩት ግማሽ ቀን እንኳ ነፃ ካልነበራት፣ ዕቃ ይሻላል። እሱም ቢሆን ሁልጊዜ የምታደርገውን ነገር የሚያቀልላት ይሁን። ባለቤቴ ቢሮ የምትጠጣው ሻይ ሁልጊዜ ይቀዘቅዝባት ስለነበር ትንሽ ፔርሙዝ ገዛሁላት፤ እስከ ዛሬ ከቦርሳዋ አይጠፋም። ልክ ለማስቀየር ሱቅ የሚያመላልስ ጫማ ግን እንደ ኩፖኑ ሁሉ የሌላትን ጊዜ ይጠይቃታል።