መታጠቢያ ቤቱ ሲግል ሳሎኑ ለምን ይበርዳል?

ጀርመን ወይም ስዊድን ውስጥ አዲስ አፓርታማ የተከራየ ሰው ግድግዳው ላይ ማሞቂያ ፈልጎ ቢያጣ አይገርምም፤ ሙቀቱ የሚመጣው ከእግሩ ሥር ነው። ከሴራሚኩ ወይም ከፓርኬው በታች፣ ሲሚንቶ ውስጥ የተቀበረ የጣት ውፍረት ያለው የፕላስቲክ ቧንቧ እየተጠማዘዘ ክፍሉን ያዳርሳል። በውስጡም ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 40 ዲግሪ የሚደርስ ውሃ ሲዞር ይውላል፣ ሲዞር ያድራል። በባዶ እግሩ መሄድ ለሚወድ ሰው ደስ የሚል ነገር ነው። ቅሬታው የሚመጣው ብርዱ ሲጠና ነው፤ መታጠቢያ ቤቱ ያልባል፣ እንግዳ የሚቀመጥበት ሳሎን ግን ጋቢ ያስደርባል።

በዚህ ጊዜ አብዛኛው ሰው የሳሎኑን ቴርሞስታት እስከ መጨረሻው ያዞራል። ቴርሞስታቱ ግን በር ከፋችና ዘጊ ነው እንጂ ከመጣለት ውሃ በላይ መጨመር አይችልም። ከዚያ አልፎ የቦይለሩን ሙቀት ከፍ የሚያደርግ አለ። ያን ጊዜ ሳሎኑ ትንሽ ይሻለዋል፣ መታጠቢያ ቤቱ ግን ይብስበታል፤ የጋዙም ሂሳብ ይጨምራል። መፍትሔው ያለው ከሁለቱም ሌላ ቦታ ነው፤ ብዙ ተከራይ ከፍቶት በማያውቀው፣ ኮሪደሩ ግድግዳ ውስጥ በተቀበረው የቆርቆሮ ሳጥን።

ሳጥኑ ሲከፈት ከላይና ከታች የተጋደሙ ሁለት ወፋፍራም ቱቦዎች ይታያሉ። ይህ ማኒፎልድ ወይም ማከፋፈያ የሚባለው ነው። አንደኛው ቱቦ ሙቁን ውሃ ከቦይለሩ ወይም ከሂት ፓምፑ ተቀብሎ ለየክፍሉ ያድላል፤ ሁለተኛው ክፍሉን ዞሮ የቀዘቀዘውን ሰብስቦ ይመልሳል። ከመላኪያው የወጣ እያንዳንዱ ቧንቧ ወለሉን ዞሮ መመለሻው ላይ ያርፋል። አንዱ እንዲህ ያለ ጉዞ አንድ ዙር ነው፤ ትንሽ ክፍል አንድ ዙር ይበቃዋል፣ ሰፊ ሳሎን ግን ሁለትም ሦስትም ይኖረዋል። በ16 ሚሊ ሜትር ቧንቧ አንድ ዙር ከ100 ሜትር ብዙም እንዳያልፍ ይመከራል።

በመላኪያው ላይ ለየዙሩ አንድ አንድ ትንሽ ብልቃጥ ተተክሏል። በጎኑ ቁጥር ተጽፎበታል፤ ውስጡ ያለው ባለ ቀለም ምልክት ውሃው በፈሰሰ ቁጥር ከዜሮ እየራቀ ይሄዳል። ፍሰት መለኪያው ይኸው ነው፤ በደቂቃ ስንት ሊትር ውሃ በዚያ ዙር እንደሚያልፍ ያሳያል። መቆለፊያውን አንስተው ሲያዞሩት ደግሞ መንገዱን ያጠባል ወይም ያሰፋል። መለኪያም መቆጣጠሪያም ስለሆነ ሥራው ሁሉ የሚሠራው እዚህ ነው። መመለሻው ላይ ነጫጭ ቆቦች ከነሽቦአቸው ተደፍተው ይታያሉ፤ እነሱ የየክፍሉን ቴርሞስታት ትእዛዝ እየተቀበሉ ዙሩን የሚከፍቱና የሚዘጉ ናቸው።

አሁን ክፍሎቹ ለምን እንደሚለያዩ እንመልከት። ፓምፑ ለሁሉም ዙር የሚሰጠው ግፊት አንድ ነው። ቧንቧው በረዘመ ቁጥር ግን ውሃውን የሚይዘው ሰበቃ ይበዛል። ስለዚህ ውሃው በአጭሩ ዙር በብዛት ይነጉዳል፣ በረጅሙ እያዘገመ ይሄዳል። ማንም ካልከለከለው ድርሻውን በክፍሉ ፍላጎት ሳይሆን በቧንቧው ርዝመት ይከፋፈላል። መታጠቢያ ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽና ለማከፋፈያው ቅርብ ነው፤ ሳሎኑ ሰፊና ሩቅ ነው። ቅሬታው ከየቤቱ ተመሳሳይ ሆኖ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው።

ፍራንክፈርት አካባቢ በተለመደ ዓይነት፣ አምስት ዙር ባለው አፓርታማ ነገሩን በቁጥር እንየው። ሳሎኑ 22 ካሬ ሜትር ሲሆን ሁለት ዙር አለው፤ በመስኮቱ በኩል ያለው 105 ሜትር፣ የውስጠኛው 95 ሜትር። የወላጆች መኝታ ቤት 80፣ የልጆቹ 55፣ መታጠቢያ ቤቱ 25 ሜትር ብቻ ነው። ገጣሚው ቧንቧውን ሞልቶ፣ ሁሉንም መለኪያ እስከ መጨረሻው ከፍቶ ሄዷል እንበል። ፓምፑ በዝቅተኛ ፍጥነት ሲሠራ መታጠቢያ ቤቱ በደቂቃ 2 ሊትር ያህል ይወስዳል፣ የልጆቹ ክፍል 1.3፣ የወላጆቹ 1 ሊትር። የሳሎኑ ሁለት ዙሮች እያንዳንዳቸው 0.9 ሊትር ገደማ ይደርሳቸዋል።

የሚያስፈልጋቸውስ? ለዚህ የማሞቂያ ባለሙያዎች በቃላቸው የሚይዙት አንድ ስሌት አለ። በደቂቃ 1 ሊትር ውሃ ወለሉን ሲዞር 5 ዲግሪ ከቀዘቀዘ፣ በክፍሉ ውስጥ 350 ዋት ያህል ሙቀት ትቷል ማለት ነው። ሳሎኑ በብርዱ ቀን በካሬ ሜትር 50 ዋት ቢፈልግ በድምሩ 1,100 ዋት ነው፤ ለሁለት ሲካፈል ለየዙሩ 550። ያንን ለ350 ሲያካፍሉት ከ1.6 ሊትር ትንሽ ያነሰ ይመጣል። በዚሁ መንገድ የወላጆቹ ክፍል 1.4፣ የልጆቹ 1፣ መታጠቢያ ቤቱ 0.6 ሊትር ይደርሳቸዋል። 5 ዲግሪው ለሂት ፓምፕ የተለመደ ነው፤ በጋዝ ቦይለር እስከ 10 ዲግሪ የሚታቀድበት ቤት ስላለ፣ የዲዛይን ወረቀቱ ከተገኘ እሱን ማየት ይቀድማል።

ሁለቱን ረድፍ ደምሩአቸው። አሁን የሚዞረው 6.1 ሊትር ገደማ፣ የሚያስፈልገው 6.2። ውሃው ከሞላ ጎደል በቂ ነው፤ የተበላሸው ክፍፍሉ ነው። በ35 ዲግሪ የገባው ውሃ ከሳሎኑ የሚወጣው ወደ 27 ዲግሪ ወርዶ ስለሆነ፣ የዙሩ መጨረሻ ያለበት የወለል ክፍል የሚያገኘው ተራፊ ሙቀት ነው። ከመታጠቢያ ቤቱ የሚወጣው ግን ገና 33 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ነው፤ ሙቀቱን ሳያራግፍ ተመልሷል። ስለዚህ መለኪያው የማይነበብ ቢሆን እንኳ መመለሻ ቧንቧዎቹን በቴርሞሜትር፣ ካልሆነም በእጅ መዳሰስ ይጠቁማል። ከሌሎቹ ይልቅ የሞቀ መመለሻ ያለው ዙር ከድርሻው በላይ የሚወስደው ነው።

ማመጣጠኑ የሚጀመረው ሁሉንም ቴርሞስታት ከፍተኛው ላይ በማድረግ ነው። ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው። ነጫጮቹ ቆቦች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት ውስጣቸው ያለ ሰም ሞቆ ሲለጠጥ ስለሆነ ለመክፈት ጥቂት ደቂቃ ይወስድባቸዋል። አንዱ ተዘግቶ ሳለ ሌላውን ቢያስተካክሉት፣ ያ የተዘጋው ሲከፈት ቁጥሩ ሁሉ ይዛባል። ከዚያ ረጅሙ ዙር፣ በምሳሌያችን የሳሎኑ የመስኮት በኩል፣ ሙሉ በሙሉ ክፍት ሆኖ ይተዋል። የሚጠበበው አጭሩ ነው። የመታጠቢያ ቤቱን ወደ 0.6 ሲያወርዱት የሌሎቹ ምልክቶች በዓይን እየታዩ ከፍ ይላሉ፤ እዚያ የተከለከለው ውሃ ወደነሱ ስለሄደ ነው። ቀጥሎ የልጆቹ፣ ከዚያ የወላጆቹ። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ የመጀመሪያው ተንሸራቶ ይገኛል፤ ስለዚህ ዙሩን ሁለት ሦስት ጊዜ መደጋገም ግድ ነው።

አጫጭሮቹ ከተጠበቡ በኋላ ሳሎኑ ገና 1.6 ካልደረሰ የፓምፑ ፍጥነት አንድ ደረጃ ከፍ ይላል፤ በምሳሌያችን ቤትም ይህ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም በ105 ሜትር ቧንቧ እጥፍ የሚጠጋ ውሃ መግፋት ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ግፊት ይጠይቃል። ቅደም ተከተሉ ግን ይህ መሆን አለበት። ሳይጠበብ ፓምፑ ብቻ ቢጨመር መታጠቢያ ቤቱም አብሮ ወደ 3.6 ሊትር ይወጣል፤ ውሃው በቫልቮቹ ሲያልፍ የሚሰማው ፉጨትም ሌሊት ያስነሳል።

ከዚህ በኋላ ሳጥኑን ዘግቶ መሄድ ነው። ቧንቧውን የሸፈነው ሲሚንቶ ብዙ ጊዜ 6 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ውፍረት ስላለው፣ የተደረገው ለውጥ ክፍሉ ውስጥ በሙሉ የሚሰማው በማግሥቱ ነው። በየሰዓቱ እየከፈተ የሚነካካ ሰው ትናንት የነካው ሳይመጣ የዛሬውን ይጨምርበታል፤ ከዚያ የትኛው ምን እንዳደረገ ማንም አያውቅም። ከሁለት ቀን በኋላ አንድ ክፍል በአንድ ዲግሪ ቢያንስ የዚያን ዙር ፍሰት በ0.2 ሊትር ያህል ማረም ይበቃል።

ቁጥሩን ከማመን በፊት መለኪያውን ራሱን መጠርጠርም ያስፈልጋል። ብልቃጡ ጠቁሮ ከታየ በሥርዓቱ ውስጥ የብረት ዝገት እየዞረ ነው፤ ምልክቱም ዜሮ ላይ ተጣብቆ ሊቀር ይችላል። ዜሮ እያሳየ የዚያ ዙር መመለሻ ቧንቧ ሞቅ ካለ ውሃው እየሄደ ነው፣ የቆመው መለኪያው ነው። ምልክቱ የሚዘል፣ ቧንቧውም የሚንኮራኮር ከሆነ አየር ገብቷል፤ ያኔ ዙሩን ለብቻው ማጠብ ስለሚያስፈልግ ለባለሙያው መደወል ነው። ተከራይ ለሆነ ሰው ደግሞ መለኪያዎቹን ከመንካቱ በፊት የቤቱን አከራይ ማስታወቁ ተገቢ ነው፤ ቢያንስ የነበሩበትን ቁጥር ስልኩ ላይ ፎቶ ያንሳ።

ከሁሉ የሚያደክመው ስህተት ግን የስም መቀያየር ነው። የልጆቹ ክፍል ቴርሞስታት ሽቦ በወላጆቹ ዙር ቆብ ላይ ታስሮ ይገኛል፣ ወይም የተለጠፈው ጽሑፍ ሌላ ክፍል ይጠራል። ቤተሰቡ የልጆቹን ሲቀንስ የወላጆቹ ይቀዘቅዛል፤ የልጆቹ ክፍል ደግሞ ሳይሰማ መሞቁን ይቀጥላል። ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ሁሉንም ቴርሞስታት ከፍቶ፣ አንዱን ብቻ እስከ ታች ዝቅ አድርጎ፣ አምስት ደቂቃ ቆይቶ የትኛው ምልክት ወደ ዜሮ እንደተመለሰ ማየት ነው። ለየክፍሉ ይህን ደጋግሞ ትክክለኛውን ስም በእርሳስ መጻፍ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ ከማመጣጠኑ በፊት ቢደረግ ደግሞ ብዙ ሥራ ይተርፋል።

ፍሰቱ ተስተካክሎም የማይሞቅ ክፍል አለ። የአውሮፓ ደረጃ ሰው የሚውልበት ወለል ከ29 ዲግሪ እንዳይበልጥ ይወስናል፤ ክፍሉ 20 ዲግሪ ሲሆን እንዲህ ያለ ወለል በካሬ ሜትር የሚሰጠው 100 ዋት ገደማ ነው። በሁለት በኩል መስኮት ያለው፣ ግድግዳው በደንብ ያልተሸፈነ የድሮ ክፍል ከዚያ በላይ ሊያባክን ይችላል። ወፍራም ምንጣፍ የተነጠፈበት ሳሎንም እንደዚሁ ነው፤ መለኪያው 1.6 እያሳየ፣ መመለሻው ደግሞ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ሞቆ ከተገኘ፣ ሙቀቱን የያዘው ከላይ ያለው ስለሆነ ምንጣፉን ለሁለት ቀን ጠቅልሎ ክፍሉን እንደገና መለካት ነው።