ሽቦውን ማጥፋት
በፒያሳ አሮጌ ሕንፃ ፊት የተንዘላዘለ የመብራት ሽቦ ፎቶውን ለሁለት ሲከፍለው፣ ፎቶሾፕ ውስጥ ሽቦው ይመረጥና ከ Edit ሥር Content-Aware Fill ይከፈታል። ፕሮግራሙ ከሽቦው ጀርባ ያለውን አያውቅም፤ ከዚያው ፎቶ ተመሳሳይ ቁራጭ ፈልጎ ይለጥፋል። የሚቀዳበት ቦታ በአረንጓዴ ይታያል።

ሰማዩ ላይ ሥራው ቀላል ነው። ችግሩ ሽቦው የእንጨት በረንዳውን ሲያቋርጥ ነው፦ አጥሩ ይጣመማል፣ አንዳንዴም የአላፊ አግዳሚ ጭንቅላት ግድግዳው ላይ ይበቅላል! መፍትሔው ሰዎቹን ከአረንጓዴው በብሩሽ ማውጣት፣ ሰማዩንና በረንዳውንም ለየብቻ መሙላት ነው። ሰው ሲጠፋ ጥላውም አብሮ መመረጥ አለበት፤ ባለቤት የሌለው ጥላ ወዲያው ያሳብቃል።

ሳሎን ለሚሰቀል ፎቶ ይህ ነውር የለውም። ወርልድ ፕሬስ ፎቶን የመሰለ የዜና ፎቶ ውድድር ግን እንዲህ የተቀነሰበትን ሥራ አይቀበልም።