10097 ስንት ግራም ይመዝናል?

እ.ኤ.አ. በ1955 ራንድ ኮርፖሬሽን የተባለው የአሜሪካ የምርምር ድርጅት ከዳር እስከ ዳር በቁጥር ብቻ የተሞላ መጽሐፍ አሳተመ። ከፊት አንድ ሚሊዮን አሃዞች፣ ከኋላ ደግሞ 100,000 ሌሎች ቁጥሮች ተደርድረውበታል። አሃዞቹ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ እንደ ዕጣ የወጡ ናቸው፤ ከ0 እስከ 9 ያሉት ሁሉ እኩል ዕድል አላቸው፣ የአንዱ መውጣትም ስለሚቀጥለው ምንም አይናገርም። የመጀመሪያው መስመር 10097 32533 76520 እያለ ይቀጥላል። ከኋላ ያሉት ግን ለቦታ የሚያዳሉ ናቸው። አብዛኞቹ ዜሮን ከበው ይቆማሉ፤ ከዜሮ እየራቅን ስንሄድ እየሳሱ ይመጣሉ፤ ከ3 በላይ የሆነ ሲገኝ ብርቅ ነው። የመጀመሪያው -1.276 ነው። ለዚህ ቁጥር ሌላ ዕጣ አልወጣለትም። ከ10097 የተሠራ ነው።

ኮምፒውተርም ቢሆን ከመነሻው የሚሰጠን እንደ ፊተኞቹ ያለ ቁጥር ነው፦ በ0 እና በ1 መካከል የትም ሊያርፍ የሚችል፣ ለየትኛውም ስፍራ የማያዳላ። የምንፈልገው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ስኳር በ1 ኪሎ ከረጢት የሚያሽግ ማሽን አስቡ። አንዱን 1002 ግራም፣ ሌላውን 996 ግራም ያደርገዋል። አማካዩ 1000 ግራም፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 5 ግራም ነው እንበል፤ ይህም ማለት ከ100 ከረጢት 68 ያህሉ ከ995 እስከ 1005 ግራም ባለው ውስጥ ይወድቃሉ፣ ከ1015 የሚያልፈው ከ700 አንዱ ቢሆን ነው። ይህ የደወል ቅርጽ ያለው ኖርማል ስርጭት ነው። ማሽኑን ሳናስነሳ ሺህ ከረጢት በኮምፒውተር “ለመሙላት” ብንፈልግ፣ የማያዳላውን ቁጥር ወደሚያዳላው መለወጥ ግድ ይለናል።

ዘዴው እንዲህ ነው። 100,000 ከረጢቶችን ከቀላሉ ጀምረን እስከ ከባዱ በአንድ ረጅም ሰልፍ እናሰልፍ። አሁን 10097ን እንደ ክብደት ሳይሆን እንደ ተራ ቁጥር እንየው፦ ከሰልፉ 10,097ኛውን ከረጢት አንስተህ መዝነው እንደማለት ነው። የትኛውም ተራ ከሌላው እኩል የመመረጥ ዕድል አለው። በተራው ላይ የቆመው ከረጢት ግን ከአማካዩ አካባቢ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ምክንያቱም ከሰልፉ አብዛኛው የተያዘው በእነዚያ ከረጢቶች ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ሲገባ አያዳላም፣ ክብደት ሆኖ ሲወጣ ግን ደወሉን ይዞ ይወጣል። ጆን ቮን ኖይማን በ1947 ለስታኒስላቭ ኡላም በጻፈው ደብዳቤ ላይ ይህ ሐሳብ ሰፍሮ ይገኛል።

ሰልፉን በእውን ማሰለፍ አያስፈልግም። ስታቲስቲክስ የተማረ ሰው በመማሪያው ጀርባ ያለውን የኖርማል ሠንጠረዥ ያስታውሳል፤ ዳር ላይ ያለውን ቁጥር ይዘን ስንገባ “ከዚህ በታች ያለው ድርሻ ይህን ያህል ነው” ይለናል። እኛ የምናነበው ወደ ኋላ ነው። 0.10097 የሚለውን ድርሻ ከሠንጠረዡ ውስጥ ፈልገን ዳሩን ስናይ -1.276 እናገኛለን። ከረጢቱ ከአማካዩ 1.276 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ያንሳል ማለት ነው፤ በ5 ግራም ስናባዛው 6.38 ግራም ይጎድለዋል፣ ክብደቱም 993.62 ይሆናል። ቀጣዩ 32533 -0.453 ይሰጣል፣ እሱም 997.7 ግራም ገደማ ነው። 76520 ደግሞ 0.723 ስለሚሆን ከረጢቱ ወደ 1003.6 ከፍ ይላል።

ደወሉ የሚፈጠረው እኩል የሰልፍ ርቀት እኩል ያልሆነ የክብደት ርቀት ስለሚሆን ነው። ከ50,000ኛው እስከ 51,000ኛው ያሉት አንድ ሺህ ከረጢቶች በክብደት የሚለያዩት በ0.125 ግራም ብቻ ነው፤ ተጨናንቀዋል። ከ98,000ኛው እስከ 99,000ኛው ያሉት አንድ ሺህ ግን 1.36 ግራም ላይ ተዘርግተዋል፤ አሥራ አንድ እጥፍ ያህል ማለት ነው። የመጨረሻው ሺህ ደግሞ፣ በሒሳቡ ቋንቋ፣ ማብቂያ የለውም።

ችግሩም የሚመጣው ከዚያው ከጫፍ ነው። ባለ 5 አሃዝ ቁጥር ሰልፉን ለ100,000 ቦታ ብቻ ይከፍለዋል። የመጀመሪያውን ቦታ መሀል ብንወስድ 0.000005 ነው፤ ወደ ኋላ ሲነበብ -4.417 ይሆናል። ከዚያ የራቀ ነገር፣ ሚሊዮን ጊዜ ዕጣ ብናወጣም፣ አይመጣም። ኮምፒውተሩ በ32 ቢት የተሠራ ቁጥር ቢሰጠን ድንበሩ ወደ -6.23 ይርቃል እንጂ አይጠፋም። ለስኳር ከረጢት ይህ ሁሉ ከንቱ ጭንቀት ነው። በሚሊዮን አንዴ የሚደርስ ኪሳራ የሚያሰላ ሰው ግን የሚኖረው እዚያው ጫፍ ላይ ነው። ስታቲስቲክስ የሚሠሩ ሰዎች የሚጠቀሙበት R የተባለው ፕሮግራም ለአንድ ኖርማል ቁጥር ሁለት ዕጣ ቁጥሮችን የሚያጣምረው ለዚህ ነው፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ቦታ መልሶ በደቃቁ ይከፋፍለዋል።

ወደ ኋላ ለማንበብ የሚሆን ቀላል ቀመር የለም። ከደወሉ ሥር ያለው ስፋት በተለመዱት የሒሳብ ምልክቶች ተጽፎ አያልቅም፤ ስለዚህ በግምት ይሠራል። ዊቹራ በ1988 ያሳተመው ግምት ሰልፉን መሀል፣ ጠርዝና ሩቅ ጠርዝ ብሎ ከፍሎ ለእያንዳንዱ የራሱን ክፍልፋይ ይሰጠዋል፤ ትክክለኛነቱም እስከ 16 አሃዝ ይደርሳል። R እና ፓይተን ዛሬም በእሱ ይሠራሉ። በፓይተን ከረጢታችን ይህን ያህል ነው፦

```python
from random import random
from statistics import NormalDist

u = random()
while u == 0:
    u = random()
print(NormalDist(1000, 5).inv_cdf(u))
```

መሀል ያሉት ሁለት መስመሮች ትርፍ ቢመስሉም አይደሉም። `random()` ዜሮን ሊሰጥ ይችላል፤ ዜሮ ወደ ኋላ ሲነበብ መልሱ ወሰን የሌለው ኔጌቲቭ ስለሆነ ፓይተን ስህተት ብሎ ይቆማል። በኤክሴልም `=NORM.S.INV(0)` ብትጽፉ `#NUM!` ይላችኋል። ነገሩ የሚደርሰው ከስንት አንዴ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ያደረ ስሌት መሀል ላይ የሚቆመውም እንዲህ ባለ ምክንያት ነው።

ፈጣን የሆኑ ሌሎች መንገዶች አሉ፤ በ1958 የወጣው የቦክስና ሙለር ዘዴ ሁለት ቁጥር አስገብቶ ሁለት ያወጣል። እኔ ግን ይህኛውን የምመርጠው ሥርዓት ስለሚጠብቅ ነው። አንድ ገብቶ አንድ ይወጣል፣ የገባው ሲያድግ የወጣውም ያድጋል፣ የገባው 0.10097 ቀርቶ ማሟያው 0.89903 ቢሆን ምልክቱ ብቻ ተቀይሮ 1.276 ይወጣል። ቁጥሩን ከማሟያው ጋር ጥንድ አድርጎ ቢያስኬድ፣ የአንዱ ከረጢት ጉድለት በሌላው ትርፍ ስለሚካካስ፣ አማካዩ በጥቂት ዕጣ ይረጋጋል።

የተሠራው ነገር ልክ መሆኑን ለማወቅ ሥዕሉን ማየት አይበቃም፤ የተበላሸ ጫፍ ያለውም ደወል ይመስላል። መቁጠር ይሻላል። ከ100,000 ከረጢቶች ከ985 ግራም በታች ወይም ከ1015 በላይ የሆኑት 270 አካባቢ መሆን አለባቸው፤ 255 ወይም 290 ቢሆኑ የዕጣ ነገር ነው፣ 150 ከሆኑ ግን ስህተት አለ። ሁለተኛው መፈተሻ ክብደቶቹን ወደ ተራ ቁጥር መመለስ ነው። ሰልፉን በአሥር እኩል ክፍል ቢከፍሉት በእያንዳንዱ ውስጥ 10,000 ያህል ይገኛል፤ አንዱ ክፍል 10,600 ይዞ ሌላው 9,400 ቢያሳይ፣ ጥፋቱ ከግምቱ ወይም ከመነሻው የዕጣ ቁጥር ነው። ከየትኛው እንደሆነ ለመለየት መጀመሪያ የገቡትን ቁጥሮች በዚያው መንገድ መቁጠር ነው፤ እነሱ እኩል ተከፋፍለው ከተገኙ የቀረው ተጠርጣሪ ግምቱ ነው።