ጥገናው ከጭስ መሳቢያው ይጀምር

በአነስተኛ ምግብ ቤት ፍሪጅ አልቀዘቅዝ ሲል በቅድሚያ የሚሰማው «ጋዙ አልቋል» የሚለው ቃል ነው። ቴክኒሻን ይጠራል፣ ጋዝ ይሞላል፣ ፍሪጁ ለጥቂት ጊዜ ደህና ይሠራል፤ ከዚያ ችግሩ ይመለሳል። የፍሪጅ ጋዝ ግን እንደ መኪና ነዳጅ እየተቃጠለ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ለዓመታት ይዞራል። ከጎደለ የሾለከበት ቦታ አለ ማለት ነው፤ ቦታው ሳይደፈን የሚጨመረው ጋዝም ያንኑ መንገድ ተከትሎ ይወጣል። ስለዚህ ጋዝ ሊሞላ የመጣ ባለሙያ የሾለከበትን ቦታ እንዲያሳይ መጠየቅ የባለቤቱ መብት ነው።

በጥብስ ቤቶች ግን ብዙ ጊዜ የሾለከ ነገር የለም። ጥፋቱ ያለው ከፍሪጁ ጀርባ ወይም ከሥሩ ባለው ኮንደንሰር ላይ ነው። ፍሪጁ ከምግቡ የሳበውን ሙቀት ወደ ውጭ የሚያስወጣው በዚህ ክፍል ነው። ቅባትና አቧራ ከተጋገረበት ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ኮምፕሬሰሩ ያለ ዕረፍት ይሠራል፣ ይግላል፣ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ ሲብስበትም ይቃጠላል።

ቅባቱ የመጣው ከመጥበሻው ነው። ጥብስ ሲንጨረጨር ስቡ በዓይን በማይታዩ ጠብታዎች ከጭሱ ጋር ይወጣል። ከምድጃው በላይ ያለው የጭስ መሳቢያ፣ ብዙዎች ሁድ የሚሉት፣ በደንብ ከሳበ ጠብታዎቹ ማጣሪያው ላይ ይቀራሉ። ካልሳበ ክፍሉ ውስጥ ይዞራሉ። ከፊሉን የፍሪጁ ማራገቢያ ስቦ ኮንደንሰሩ ላይ ይለጥፈዋል፤ ከፊሉ የምድጃውንና የኦቨኑን የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎች ይደፍናል። ሦስቱ ዕቃዎች በሦስት የተለያዩ ባለሙያዎች የሚጠገኑ ቢሆኑም የሚታመሙት በአንድ በሽታ ነው። የጥገና መርሐ ግብሩም ከጭስ መሳቢያው መጀመር ያለበት ለዚህ ነው።

በአዲስ አበባ በየሰፈሩ የሚገኝ ዓይነት አንድ ወጥ ቤት እንውሰድ። ባለ ሁለት በር ፍሪጅ፣ አንድ ዲፕ ፍሪዘር፣ ከላዩ አራት ምድጃ ያለው የጋዝ ኦቨን፣ ከእሱ በላይ ደግሞ ሁድ አለው። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ፍሪጁ ከምድጃው ሁለት እርምጃ ያህል ብቻ ይርቃል። ቀትር ላይ ጥብስ ይበዛል።

በዚህ ወጥ ቤት የሁዱ ማጣሪያዎች በሳምንት ሁለት ጊዜ ይታጠባሉ። ቀኖቹን መምረጥ አያስቸግርም፤ ረቡዕና ዓርብ የጾም ቀን ስለሆነ የጥብሱ ምድጃ ያርፋል፣ ጠዋቱም ለእጥበት ይመቻል። ማጣሪያዎቹ ወርደው በሳፋ ሙቅ ውሃና በላርጎ ለግማሽ ሰዓት ይዘፈዘፋሉ፣ በብሩሽ ይታሻሉ፣ ታጥበው በደንብ ይደርቃሉ። ሲመለሱ የብረት ዝርግ ስንጥቆቹ ከላይ ወደ ታች መቆም አለባቸው። ወደ ጎን ከተጋደሙ የተጠራቀመው ቅባት ወደ መቀበያው አይወርድም፤ እዚያው ይቀራል፣ አልፎም ወደ መጥበሻው ይንጠባጠባል። የቅባት መቀበያው ደግሞ በየማታው ይደፋል።

ማጣሪያው ንጹሕ ሆኖም ሁዱ ላይስብ ይችላል። መፈተኛው ቀላል ነው። ማራገቢያው እየሠራ አንድ ስስ ወረቀት ማጣሪያው ላይ ይጠጋል፤ ተለጥፎ ከቀረ ሁዱ ይስባል፣ ከወደቀ አይስብም። ከወደቀ የማራገቢያው ቀበቶ ላልቶ ወይም ቱቦው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ሌላም የማይጠረጠር ምክንያት አለ። በሦስት ፌዝ የሚሠራ ማራገቢያ ከኤሌክትሪክ ጥገና በኋላ ሁለት ሽቦዎች ተለዋውጠው ከተገጠሙ ወደ ኋላ ይዞራል። ወደ ኋላ እየዞረም ጥቂት አየር ስለሚስብ፣ ድምፁም ስለሚሰማ፣ ደህና ያለ ይመስላል። በማራገቢያው ቤት ላይ ያለውን ቀስት ከሚዞርበት አቅጣጫ ጋር ማስተያየት ነገሩን ይፈታል።

የሚገባ አየር ከሌለም ሁዱ የሚስበው የለውም። መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ የወጥ ቤቱ በር ለመክፈት ከከበደ፣ ክፍሉ አየር ተርቧል ማለት ነው። ይህ አደገኛ ነው፤ ጋዝና ከሰል በቂ አየር ሲያጡ ሽታ የሌለውን ገዳይ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ያመነጫሉ።

ከማጣሪያው በላይ ያለው ቱቦ ከዓይን የራቀ ስለሆነ ይረሳል። ከምድጃ የተነሣ ነበልባል ግን በማጣሪያው አልፎ ቱቦው ውስጥ የተጋገረውን ቅባት ሊያያይዝ ይችላል፤ እሳቱም በቱቦው ውስጥ እስከ ጣሪያ ይሮጣል። የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ለወጥ ቤት ጭስ ማስወገጃ ባወጣው 96ኛ ደረጃ መሠረት፣ በከሰልና በማገዶ የሚበሰልበት ቤት ቱቦ በየወሩ፣ ብዙ የሚጠበስበት በየሦስት ወሩ፣ መካከለኛው በየስድስት ወሩ፣ እምብዛም የማይሠራው በዓመት አንዴ ይመረመራል፤ ቆሽሾ ከተገኘ ይጸዳል። ያው ደረጃ ከሽቦ ወንፊት የተሠራ ማጣሪያንም ይከለክላል፤ ወንፊቱ ቅባቱን አያወርድም፣ በውስጡ ይዞ ያቆየዋል። ምሳሌ የሆነን ወጥ ቤት በየሦስት ወሩ ከሚመረመሩት ይመደባል። የሥጋ ጥብስ በከሰል የሚሠራ ቢሆን ግን ወርሃዊ ይሆን ነበር።

ወደ ፍሪጁ እንመለስ። ዋናው መሣሪያ ርካሽ ቴርሞሜትርና ደብተር ነው። ቴርሞሜትሩ መጀመሪያ ይፈተሻል፦ በረዶ የሞላበት ብርጭቆ ውስጥ ጥቂት ውሃ ተጨምሮ ሲነከር 0 ዲግሪ ማሳየት አለበት። በሚፈላ ውሃ መፈተሽ አዲስ አበባ ላይ ያሳስታል፤ ከተማዋ ከባሕር ወለል በጣም ከፍ ስላለች ውሃው በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ከዚያ በኋላ የፍሪጁ ሙቀት ጠዋት በሩ ሳይከፈት በፊት፣ ደግሞም ከቀትር ግፊያ በኋላ ይጻፋል። ፍሪጅ ከ5 ዲግሪ መብለጥ፣ ፍሪዘር ደግሞ ከ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች መሞቅ የለበትም።

ደብተሩ እንዲህ ይነበባል። በመጀመሪያው ሳምንት ጠዋት 3፣ ከሰዓት በኋላ 5 ተጽፏል እንበል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጠዋት 3፣ ከሰዓት በኋላ ግን 8 ሆነ። ሌሊቱን በሩ ተዘግቶ ሲያድር በደንብ ስለቀዘቀዘ ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ በቀኑ አጠቃቀም ነው። ትኩስ ወጥ በድስቱ ገብቷል፣ በሩ ቶሎ ቶሎ ይከፈታል፣ ወይም ዕቃ ከመብዛቱ የተነሣ አየር መዞሪያ አጥቷል። በአንጻሩ የጠዋቱ ቁጥር ራሱ ከ3 ወደ 4፣ ከዚያ ወደ 6 ከወጣ ማሽኑ እየደከመ ነው። በዚህ ጊዜ ቴክኒሻን ከመጥራት በፊት ሦስት ነገሮች ይታያሉ።

አንደኛው ኮንደንሰሩ ነው። ፍሪጁ ከሶኬት ይነቀልና ኮንደንሰሩ በለስላሳ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ይጠረጋል፤ ቀጫጭን የአሉሚኒየም ክንፎቹ ስለሚታጠፉ ሽቦም ሆነ ቢላዋ አይነካቸውም። ለጥብስ ቤት ይህ የወር ሥራ ነው፤ አቧራው በሚበዛበት በበጋ ደግሞ ከዚያም ቢፈጥን ይመረጣል። ሁለተኛው የበሩ ጎማ ነው። ወረቀት በበሩ መካከል ተይዞ ይዘጋል፤ ሲሳብ ያለ ትግል ከወጣ በዚያ ቦታ ሙቅ አየር ይገባል። ጎማው በየሳምንቱ በለብታ ውሃና በሳሙና ይታጠባል እንጂ በረኪና አይቀባም፤ በረኪና ያደርቀዋል፣ ይሰነጥቀዋል። ሦስተኛው ውስጥ ያለው በረዶ ነው። ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ከወፈረ ፍሪጁ ጠፍቶ በራሱ እንዲቀልጥ ይተዋል። በቢላዋ መፈልፈል የብዙ ፍሪጅ ፍጻሜ ሆኗል፤ አንዲት ቀዳዳ ጋዙን ሁሉ ትለቃለች።

ይህ ተደርጎ አንድ ቀን ይጠበቃል። የጠዋቱ ቁጥር ወደ 3 ከተመለሰ ችግሩ ቆሻሻ ነበር። ካልተመለሰ፣ በተለይም የሚያቀዘቅዘው ክፍል በአንድ ጫፉ ብቻ በረዶ ይዞ ሌላው ደረቅ ከሆነ፣ ያኔ በእርግጥ ጋዝ ጎድሏል፤ የባለሙያ ሥራ ነው።

በሀገራችን የመብራት መቆራረጥም የዚሁ ጥገና አካል ነው። መብራት ጠፍቶ ወዲያው ሲመለስ በኮምፕሬሰሩ ሁለት ወገን ያለው ግፊት ገና አልተመጣጠነም፤ በዚያች ቅጽበት ለመነሣት ሲታገል ይቃጠላል። አምስት ደቂቃ አዘግይቶ የሚያበራ ስታቢላይዘር መግጠም ወይም ሶኬቱን ነቅሎ መጠበቅ ያድነዋል።

ኦቨኑ ከሁለቱ ይልቅ ታጋሽ ነው። የጋዙ ነበልባል ሰማያዊና የጸና መሆን አለበት። ቢጫ ሆኖ የድስት ሥር ካጠቆረ አየር ጎድሎታል፤ የማቃጠያው ቀዳዳዎች ይጸዳሉ። ጸድቶም ካልተስተካከለ፣ ዕቃው ለቆላ አየር ተስተካክሎ የመጣ ሊሆን ስለሚችል የጋዝ አፍንጫው ለከፍታው በባለሙያ ይለወጣል። ሲሊንደር በተቀየረ ቁጥር መጋጠሚያው በሳሙና አረፋ ይፈተሻል፤ አረፋው ከተነፋ ጋዝ ይሾልካል፣ እሳት አይጫርም። በየሦስት ወሩ ቴርሞሜትር መካከለኛው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ኦቨኑ 180 ላይ ይደረጋል። ሁለት ሦስት ጊዜ ነዶ ካረፈ በኋላ ንባቡ ከ15 ዲግሪ በላይ ከራቀ ቴርሞስታቱ ይስተካከላል፤ ዳቦው ከላይ አርሮ ከውስጥ ሊጥ የሚሆነው ብዙ ጊዜ በዚህ የተነሣ ነው።

የየሦስት ወሩን ትልቅ ሥራ መቼ ማድረግ እንደሚሻል የጾም ወቅቶች ያመለክታሉ። ኅዳር ላይ ጾመ ነቢያት፣ ከዚያ ዐቢይ ጾም፣ ቀጥሎ ጾመ ሐዋርያት፣ ነሐሴ ላይ ፍልሰታ ሲገባ ሥጋ ቀዝቅዞ የሚቀመጥበት ፍሪዘር ይራቆታል፣ ጥብሱም ይቆማል። የእያንዳንዱ ጾም የመጀመሪያ ሳምንት ቱቦውን ለማስመርመር፣ ፍሪዘሩን ለማቅለጥና ኦቨኑን ለመፈተሽ ይመቻል። በሙስሊሞች ምግብ ቤት የረመዳን ቀን ለዚሁ ይውላል።

አዲስ ወጥ ቤት ለሚያሠሩ አንድ ነገር በአደራ ሊነገር ይገባል። የሁዱ ቱቦ በሚታጠፍበት ሁሉ የሚከፈት የመመርመሪያ በር እንዲኖረው ከግድግዳና ከኮርኒስ ሥራ በፊት ያስገጥሙ። በር የሌለውን ቱቦ የሚያጸዳ ባለሙያ አይገኝም።